ያልቆመችው ጣት

የማስተዋል እንጀራ የሰውን ጣት መከተል ነው። ጣቱን ራሱን አይደለም፤ ጣት ስልክ ላይ ሲያርፍ የሚታየውን ነጥብ። ወረታ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሩዝ መፈልፈያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ቁጭ ብላ፣ ገበሬዎች የሩዝ መሸጫውን መተግበሪያ ሲጠቀሙ ስክሪናቸው የተቀዳበትን ቪዲዮ ታያለች። ቪዲዮው ድምፅ የለውም፤ ፊትም አያሳይም። ስም የሚጻፍበት ቦታ በጥቁር ተሸፍኗል። የሚታየው ገጹና አንዲት ክብ ነጥብ ናት። ነጥቧ ሳታመነታ ስትሄድ ለሰውየው ገብቶታል። አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ስትመታ ተናዷል። ወደኋላ ስትመለስ መንገዱ ጠፍቶበታል። ስትቆም ግን ነገሩ ይከብዳል። ሰውየው ጭንቅ ይዞትም ይሆናል፤ ስልኩን አስቀምጦ እህል የገባ ከብት ሊመልስ ሮጦም ይሆናል። ነጥቧ ለሁለቱም ያው ዝም ነው የምትለው።

የሥራ ጓደኛዋ የኔሰው ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ትዕግሥት የለውም። የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር አብረው ተምረዋል፤ የመተግበሪያውን ገጾች የሚቀርጸው እሱ ነው። ቪዲዮ ሲያይ ፍጥነቱን እጥፍ ያደርግና ምንም ያልተነካበትን ጊዜ የሚያዘልለውን ምርጫ ያበራል።

«ዝም ያለ ስክሪን ምን ይነግረኛል?» ይላል።

ማስተዋል ያንን ምርጫ ሁልጊዜ ታጠፋዋለች። ይኼ ልዩነታቸው ለረጅም ጊዜ መሳሳቂያቸው ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሳለ፣ መተግበሪያው ሳይወጣ በሰው እጅ ሊሞክሩት ሁለቱም ቁሐር ሚካኤል ሄዱ። ያረፉት ወይዘሮ እታለም ቤት ነው። እታለም የማስተዋል አክስት ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስልካቸውን የገዛችላቸው ደግሞ እሷ ናት፣ በመጀመሪያ ደሞዟ። እታለም መሬት አላቸው፣ በሬ የላቸውም። መሬታቸውን ጎረቤታቸው ማረው በእኩል ያርሰዋል፤ መሬቱ የእሳቸው፣ በሬውና ጉልበቱ የእሱ፣ የደረሰው ሩዝ ለሁለት። ከሁለቱ አንዳቸው ሌላውን ሳያማክሩ ከዚያ ማሳ አንዲት ቁና ሸጠው አያውቁም። ማረው ዘንድሮ አንድ በሬው ሞቶበታል፤ ለከርሞ ሁለተኛ በሬ ኖሮት ማረሱ ወይም አለማረሱ የተንጠለጠለው በዚያ ሩዝ ድርሻው ላይ ነው።

ማስተዋል አክስቷን ከፊቷ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ የምንፈትነው ስልኩን ነው፣ እርስዎን አይደለም» አለቻቸው። «የሚነኩት ሁሉ ይቀዳል። እኔ አጠገብዎ ሳለሁ ብቻ ነው ታዲያ። ስሄድ ይጠፋል።»

«አንች ካልሽ» አሉ እታለም። ሌላ አልጠየቁም።

እታለም ሲነኩ ጭነው ያቆያሉ፤ ማህተም እንደሚያሳርፍ ሰው። ስልኩም ጽሑፍ ለመገልበጥ «ቅዳ» የምትል ትንሽ ሳጥን ያወጣባቸዋል። ማስተዋል «ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ መታ መታ ያድርጉ፣ ይጠፋል» ብላ አስተማረቻቸው። አንዴም ይበቃ ነበር፤ ሁለቴ ያለችው ስትቸኩል ነው። እሳቸው ግን እንደ ቃሏ ሁለቴ መምታት ያዙ።

ከዚያ አንድ ገጽ መጣ። «ምርቴን በሙሉ ለዚህ መፈልፈያ ብቻ አስረክባለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ «ተስማምቻለሁ» እና «አሁን አይደለም»። እታለም ቀስ ብለው አነበቡት። ስልኩን መደቡ ላይ አኑረው ወደ ደጅ ወጡ።

«ማረው፣ እስቲ ወዲህ በል፣ የምንመክረው አለ» ሲሉ ተሰሙ።

ማረው ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ቆመው ተነጋገሩ። እታለም ተመልሰው ገቡና «አሁን አይደለም» የሚለውን ተጫኑ። ይኼ ሁሉ ሲሆን የኔሰው እዚያው መደብ ላይ ተቀምጦ የእታለምን እንጀራ ይበላ ነበር። በዓይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል።

የሌሎቹ ገበሬዎች ቪዲዮም እዚያችው ገጽ ላይ ይቆማል። ማስተዋል በግምት ማለፍ አልወደደችም፤ የቆሙትን አንድ በአንድ እየዞረች ጠየቀች። አንዱ ሚስቱን ሊያማክር፣ አንዷ እኩል አራሿን ልታስጠራ፣ ሌላው ከወንድሙ ሊመክር ነው የቆመው። በዘገባዋ ላይ ጉዳዩን በማያሻማ ቃል አሰፈረችው፤ እዚህ የሚቆሙት ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፣ በደንብ ገብቷቸው ነው፤ ስለዚህ ገጹ ይቆይ፣ አማክሬ እመለሳለሁ የሚልም ቁልፍ ይጨመርበት። የኔሰው አንብቦ «ግሩም ነው» አላት። እሷም አመነችው። ለምን አታምነው፤ ከአክስቷ ቤት የበላ ሰው ነው።

መተግበሪያው መስከረም ላይ ወጣ። መቅጃው አልጠፋም፤ ከመተግበሪያው ጋር አብሮ ወጣ። ማንም ወርዶ በማያነበው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስለ መቅዳቱ አንድ መስመር አለ። ማስተዋል ይኼን ታውቃለች። ስም ተሸፍኗል፣ ፊት አይታይም፣ ምን ክፋት አለው ብላ ለራሷ ነግራ፣ በነገረችውም ቃል ተረጋግታ ሥራዋን ቀጠለች።

ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ የአዲሱን እትም ቪዲዮዎች ከፈተች። ነጥቧ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳትቆም ትሄዳለች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ሰው ሳይቸገር ሲያልፍ ማየት የሥራዋ ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ግን ደስታው ቀረ። መቆም የነበረባቸው ቦታ ላይ ለምን አልቆሙም? ፍጥነቱን ቀንሳ እንደገና አየች።

ገጹ የለም። «ተስማምቻለሁ» የለም፤ «አሁን አይደለም» የለም። የሩዙ ዓይነት ከሚመረጥበት ገጽ ግርጌ፣ «ቀጥል» ከሚለው ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ሥር፣ ግራጫ ቀለም ባላቸው ደቃቅ ፊደላት አንድ መስመር ተጽፏል፤ «ቀጥል በማለትዎ ምርትዎን በሙሉ ለማስረከብ ተስማምተዋል» የሚል። አንዲትም ነጥብ ወደዚያ መስመር አልተጠጋችም።

የሚቀጥለውን ከፈተች። ቀበሌ፣ ቁሐር ሚካኤል። ነጥቧ አንድ ቃል ላይ አርፋ ቆየች፣ «ቅዳ» የምትለዋ ሳጥን ብቅ አለች፣ ነጥቧ ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ መታ መታ አለች። ስሙ በጥቁር ተሸፍኗል፤ መሸፈኑ ግን ለማስተዋል ምንም አልጠቀመም። ያቺ ነጥብ «ቀጥል» ላይ ስታርፍ እያየች እጇን ወደ ስክሪኑ ሰደደች፤ ቪዲዮው የሚያሳየው ግን ካለፈ ሰንብቷል።

የኔሰው ከጎኗ ይሠራ ነበር።

«ገጹን ምን አደረግኸው?» አለችው።

«የሚቆሙበት ቦታ ነበረ። አነሳሁት።»

«የሚቆሙት ሊማከሩ ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ።»

«ተማክረው የተመለሱት እምቢ ነው ያሉት። መፈልፈያዎቹ ይኼን አይፈልጉም፣ አለቃም አይፈልግም። ደግሞ አልደበቅነውም፤ ከታች ተጽፏል።»

«አንተ እዚያ ቤት ነበርክ። ማረውን ሲጠሩት ሰምተሃል።»

የኔሰው ከሥራው ቀና አለ። ዞሮ አያትና ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ማስተዋል፣ የት እንደሚቆሙ እኮ ያሳየሽን አንቺ ነሽ።»

ከሥር የመፈልፈያው ሞተር ይጮሃል። ጓደኛዬ ያለችው ሰው፣ ሰው እንዳይወድቅ ብላ ያመለከተችውን ጉድጓድ አፉን ሸፍኖ ወጥመድ አድርጎታል፤ ያመለከተችበትን ጣት ደግሞ መልሶ እሷው ላይ ቀሰረው። አልጮኸችም። የአክስቷን ቪዲዮ በስልኳ ይዛ ወጣች።

ቁሐር ሚካኤል ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። የመፈልፈያው ወኪል ማሳ ለማሳ እየዞረ የማን ሩዝ የእነሱ እንደሆነ ተናግሯል። ማረው እታለም ደጅ ቆሞ ነበር፤ አልገባም።

«እትዬ እታለም፣ የእኔን ድርሻ ሳይነግሩኝ ይሰጣሉ ብዬ በሕልሜም አላስብ» ይላል። «ጠርተው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልሰጠሁም አልኩህ እኮ» ይላሉ እታለም። ድምፃቸው ደክሟል። ብዙ ጊዜ ያሉት መሆኑ ያስታውቃል።

ማስተዋል በመሃላቸው ገብታ ስልኩን ዘረጋች። «አልሰጡም። ተመልከት።»

ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው አዩ። ነጥቧ ስትሄድ፣ ሳጥኗ ስትወጣ፣ ሁለቴ መታ መታ ሲደረግ። ማስተዋል «ቀጥል» ላይ ስትደርስ አቆመችውና ደቃቁን መስመር አጉልታ አሳየቻቸው። «እዚህ ውስጥ ነው የቀበሩት። ያ ነሐሴ ላይ ያዩት ጥያቄ አልመጣላቸውም። ቢመጣ ኖሮ ይጠሩህ ነበር።»

ማረው መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ወደ እታለም ዞረ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ክፉ ጠረጠርኩዎ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉ እታለም። ዓይናቸው ግን ከስልኩ አልተነሣም። ቆየት ብለው ወደ ማስተዋል ቀና አሉ።

«ይኼን ስነካ ብቻዬን ነበርሁ። ማታ፣ በሩን ዘግቼ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንች አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ በምን አየሽኝ?»

ማስተዋል የተሸፈነውን ስም ልታሳያቸው ፈለገች። ጥቁሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ስም አይታይም እትዬ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም» አለች፤ ስትናገረው ለራሷም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማት። አውቃ ነው እኮ የመጣችው።

«ስሄድ ይጠፋል ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

እታለም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ያ የሐሙሲቱ ልጅ እንግዳ ነው። እንጀራዬን በላ፣ ሄደ። ክዶም ቢሆን እንግዳ ነው የካደኝ» አሉና ቀሪውን ተዉት።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። «ይኼን ነገ ለገበሬ ማኅበሩ ሰዎች አሳዪ። የእኔ መሆኑንም ንገሪ፣ ፈቅጃለሁ። ሌላውም ሰው ሳያውቅ የገባበት ይፈታ።»

ማስተዋል አሳያለሁ አለች። ሥራዋ በዚያው ማለቁን ታውቃለች፤ እሱ ምንም አልመሰላትም። በማግስቱም አሳየች። ማኅበሩ እንዲህ የተገኘውን ውል አናውቀውም አለ፣ ወኪሉም ማሳ መዞሩን ተወ፣ ማረው ለበሬው የሚሆነውን ድርሻ አልተነጠቀም።

ቪዲዮውን ባሳየቻቸው ዕለት ግን፣ ልትሄድ ስትነሣ፣ እታለም የራሳቸውን ስልክ ከመቀነታቸው ፈትተው ዘረጉላት።

«ይዘሽው ሂጂ። እኔ የሚጠራኝ ሰው በደጅ ሆኖ ይጥራኝ።»

ተቀበለችው። መስታወቱ ከሰውነታቸው ሙቀት ገና አልበረደም።

እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ተማሪ ሳለች፣ ሥራ ይዛም፣ እንግዳ አስከትላ በመጣች ጊዜም ሳይቀር፣ አስፋልቱ ድረስ ሳይሸኟት ቀርተው አያውቁም። ማስተዋል ደጁ ላይ ቆመች፤ ነጠላቸውን ደርበው እስኪወጡ ጠበቀች። እታለም መደባቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። እሳቸው እንደዚያች ነጥብ የቆሙበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማንንም ዞራ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በጭቃው መሃል እስከ አስፋልቱ የሸኛት ማረው ነው።