ምልክቱ የማይናገረው

መብራት ከጠፋ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሲስተር ጠዋት የጤና ጣቢያውን የክትባት ፍሪጅ ስትከፍተው ቴርሞሜትሩ አሥራ ስድስት ዲግሪ ይላል፤ መሆን የነበረበት ከሁለት እስከ ስምንት ነው። ክው አለች። በረንዳው በእናቶች ተሞልቷል፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ትክትክ ገብቶ ሁለት ሕፃናት ገድሏል። ክትባት የለም ብሎ ለመመለስ የማይመች ቀን ነበር።

ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ብልቃጦች አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻቸው። እያንዳንዱ ላይ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲበዛበት አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል፣ በጥቁረት ክቡን ካከለ ወይ ከበለጠው ብልቃጡ ይጣላል። የእነዚህ ገና ነጭ ነበር። ተመስገን አለችና የመጀመሪያውን ሕፃን ወጋች። እናቱ አመስግና ወጣች።

ሁለተኛዋ እናት ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች።

«ሲስተር፣ ብልቃጡን ላየው?»

«እዪው። ነጭ ነው አይደል?»

«ነው። በረዶም ያበላሸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልነካውም?»

«ፍሪጁ ጠፍቶ በረዶ ከየት ይመጣል?» ሲስተር ሳቀች።

በር ላይ የሚጠርጉት ሽማግሌ ዘበኛ መጥረጊያቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ እኔማ ለደግ ብዬ ነው። መብራቱ ሲጠፋ እንዳይበላሹ ሥጋ ቤቱ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። እሱ ጄኔሬተር አለው። ጠዋት ድንጋይ ሆነው አገኘኋቸው፤ በብብቴ አሟሙቼ መለስኳቸው።»

የሲስተር ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ምልክቱ ሙቀትን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ በረዶ ዲዳ ነው። ይህ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ሲያዩት ደህና መስሎ አቅሙን ያጣል። ሽማግሌውን መቆጣት አማራት፣ ግን ከእሳቸው ይልቅ ጥፋተኛዋ ራሷ እንደሆነች ታውቅ ነበር። የፍሪጁ ቁልፍ እሳቸው ጋ እያደረ አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀቻቸውም።

«ዛሬ ማንም አይወጋም» አለች፤ ብልቃጦቹን ለይታ «አይሠራባቸውም» ብላ ጻፈችባቸውና ወደ ከተማ ደወለች። አዲስ ክትባት ነገ ጠዋት ይደርሳል ተባለች። ከዚያ የተወጋው ሕፃን ትዝ አላት።

ጋውኗን ሳታወልቅ ሮጠች። እናቲቱን ድልድዩ አጠገብ ደረሰችባት።

«ምነው ሲስተር፣ ካርዱን ረሳሁ እንዴ?»

«አይደለም። የወጋሁት አይቆጠርም። ክትባቱ በረዶ መትቶት ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልጁን አይጎዳውም፤ ግን ከትክትክ ላያድነው ይችላል። ነገ እንደገና እወጋዋለሁ።»

እናቲቱ ልጇን አየችው፣ ማዶውንም አየች። ቤቷ እዚያ ነው፤ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ሲያስል ነው የሚያድረው።

«እና ዛሬ የት ላሳድረው?»

ሲስተር እጇን ያዘቻት።

«እኔ ጋ» አለች።