በግራ የጎደለው

ለይኩን የደን ትምህርቱን እንግሊዝ አገር ጨርሶ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። ኮተቤ መንገድ ዳር ባለው የደን ልማት ቢሮ ግን ወንበር አይረጋለትም። ይነሳል፣ በመስኮት እንጦጦን ያያል፣ ይቀመጣል። አማርኛ ሲጽፍ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል፤ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ሰው ቤት የገባ ይመስለዋል።

ሰሞኑን የተሰጠው ሥራም አላስተኛውም። ቀያሾች ስለ እንጦጦ የዛፍ ተከላ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ መስመር ቀላቅለው የጻፉትን ገጽ አሳጥሮ፣ በተራ ቁጥር፣ በሁለት አምድ ማቅረብ ነበረበት፤ ግራው አማርኛ ለገበሬ ማኅበሩ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ለረጂዎቹ። ፊደሉ እንዳይደባለቅበት ፈርቶ አማርኛውን እየለቀመ ወደ ግራ፣ እንግሊዝኛውን እየለቀመ ወደ ቀኝ አደረገ። ለዓይን ንጹሕ ነበር።

ታይፒስቷ አፀደ እንደ ልማዷ አስቀድማ ግራውን በአማርኛው ማሽን መታች። ቅጂው ወዲያው ወደ እንጦጦ ገበሬ ማኅበር ተላከ። ቀኙን ለመምታት ዋናውን ወረቀት ወደ እንግሊዝኛው ማሽን ያስገባችው ዛሬ ጠዋት ነው።

«ለይኩን፣ በቀኙ አምድ ተራ ቁጥር አራት ላይ ‹የኢቲቻ ገብስ ማሳ ሲቀር› ብቻ ነው የሚለው። ከምኑ ነው የሚቀረው? ባልና ሚስት አፋታህ እንዴ?»

የቀያሹን ገጽ ገለጠ። «ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት በሙሉ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል» ይላል በአማርኛ፤ ማሳው እንደሚቀር የተጻፈው እዚያው መስመር ጫፍ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ እንጦጦ የወጣው «በሙሉ» የሚለው ብቻ ነው። የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮው ደግሞ እዚያ ተጀምሯል።

«ቁጭ በል፣ እንደገና እንምታው» አለች።

አሁን ፊደሉን ተወና ሐሳቡን ያዘ። እያንዳንዱን ነጥብ መጀመሪያ ለራሱ ተረዳው፤ ከዚያ በግራም በቀኝም ሙሉውን፣ በአንድ ቁጥር ጻፈው። የኢቲቻ ስም በየአምዱ በየፊደሉ ገባ።

የቢሮው ኃላፊ ተሾመ አዲሱን ወረቀት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ የወጣ መመሪያ ተሳስቷል ትላለህ? አሻጥር ነው የሚል ቢመጣስ?»

«የሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።»

«እንግዲያው መኪና አልሰጥህም። እኔ አላየሁህም።»

እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሩ ወጣ። ሲደርስ የገብሱ እኩሌታ ተቆፍሯል። ሽማግሌው ኢቲቻ በጉድጓዶቹ መካከል ቆመዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዋቅጅራ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ቆፋሪዎቹም ዶማቸውን አስቀመጡ። ለይኩን ስሕተቱ እንዴት እንደ ደረሰ ለሽማግሌው አስረዳቸው።

«ማሳዬ እንደሚቀር ፊተኛው ወረቀት ላይም ነበረ ነው የምትለኝ?» አሉ ኢቲቻ።

«ነበረ፣ አባባ። በእንግሊዝኛው በኩል።»

«እዚያ በኩል ተርፌ፣ እዚህ በኩል ተቆፈርኩ።» አንዱን ጉድጓድ በእግራቸው አፈር ገፉበት። «ይሄኛውስ በሁለቱም በኩል ነው?»

«በሁለቱም ነው።»

«ከዚያኛው በኩል ያለውን ንገረኝ እስቲ፣ በአማርኛ።»

ለይኩን ወረቀቱን ከዋቅጅራ ተቀብሎ፣ ጣቱን በቀኙ አምድ ላይ አድርጎ፣ ቃል በቃል ነገራቸው። ሽማግሌው ጣቱን እንጂ ፊቱን አላዩም። ሲጨርስም «ድገመው» አሉት።