ስንብት የሌለበት ቪዲዮ

ታላቅ ወንድሜ ልቡ ክፉ አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን ኖሮ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጋ። ሐኪሙ እየባሰበት እንደሚሄድ ነግሮናል። የአባዬ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እጁ ጨርሶ እምቢ ሳይለው የሚያውቀውን ለሰው ማሳየት። ቪዲዮ ማቀናበር እንጀራዬ ስለሆነ፣ የጎበጠ መርፌ እንዴት እንደሚቀየር ሲያስተምር ቀርጬ አዘጋጀሁለት። ርዕሱንና መግቢያውን ግን ወንድሜ ያዘ፤ የዩቲዩብ ቻናሉ የሱ ነዋ።

«የአባታችን የመጨረሻ ስንብት» ብሎ ለቀቀው። ነገሩ አልጣመኝም፤ ግን ተው አላልኩትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ አክስታችን ጥቁር ለብሳ እያለቀሰች መጣች። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ስታየው ከደጃፉ ሳታልፍ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አላት።

ስልኳን ሰጠችው። ከቪዲዮው ሥር ግማሹ ሰው «ነፍስ ይማር»፣ ግማሹ «ውሸታሞች» ብሎ ጽፏል። አባዬ አልተቆጣም። «መርፌው ጋ የደረሰ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ተመልካቹ የቱ ጋ ጥሎ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ግራፍ አሳየሁት። መስመሩ ገና ከመነሻው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከመቶ ሰው ሰባ ስምንቱ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ወጥቷል። ስንብት ሊያዩ የገቡ ሰዎች የወንድሜን ረጅም ሰላምታና «ሰብስክራይብ አድርጉ» ሲሰሙ ምን ያቆያቸዋል? ትምህርቱ የሚጀምረው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። እዚያ የደረሰው ከመቶ ዘጠኝ ሰው ነው።

«አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ገብቷል እኮ» አለ ወንድሜ።

«ገብቶ የተባለውን ሲያጣ ወጣ» አልኩት።

መግቢያውን በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ። ርዕሱን «ስፌት ሲዘልባችሁ መጀመሪያ መርፌውን እዩ» አልኩት። አሁን ቪዲዮው ሲከፈት የአባዬ ጣቶች የጎበጠውን መርፌ ሲያወጡ ይታያሉ። የሄዱት ግን አልተመለሱም። በሳምንት ውስጥ ፈልገው ያገኙት አርባ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ከነሱ አንዷ፣ መርፌ ቀይራም ስፌቱ መዝለሉን እንዳልተወ ጻፈች። ሳነብለት የአባዬ ፊት በራ።

«ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ዘግይቶባት ነው። ካሜራሽን አምጪ፣ ላሳያት።»

መፍቻውን ያዘ። ጫፉ ከብሎኑ ላይ ተንሸራተተ። ደገመው፤ ሦስተኛም ሞከረ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካሜራውን አጠፋሁት።

አባዬ መፍቻውን ወደኔ ገፋው።

«ካሜራውን መልሰሽ ክፈቺና ነይ አንቺ ፍቺው፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ የሷን እጅ የአባቴ እጅ ነው ብለህ እንዳትጽፍ» አለው።