ሳይዘረዘር የታረመው ጥያቄ

መምህርቷ ወንድሟን በቀበረች በዘጠነኛው ቀን ቢሮው ገብታ፣ እሱ አርሟቸው ተማሪዎች ያልወሰዷቸውን የፈተና ወረቀቶች ትሰበስብ ነበር። ሁለቱም እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ነበር የሚያስተምሩት። አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«መምህርት፣ በዚህ ሰዓት መምጣቴ ነውር ነው። ግን በሁለት ነጥብ ወደቅሁ።»

«ግቢ የኔ ልጅ።»

ጥያቄው ሳይን ዜድ ለዜድ ኪዩብ ሲካፈል ዜሮ ላይ ያለው ሲንጉላሪቲ፣ ማለትም ስሌቱ የማይሠራበት ቀዳዳ፣ ምን ዓይነት ነው ይላል። ልጅቷ «የሁለተኛ ደረጃ ፖል» ብላለች። የመምህርቷ ወንድም በቀይ ሰርዞ «የሦስተኛ» ብሎበታል።

መምህርቷ በዜድ አርቢዎች ዘረዘረችው። ሳይን ዜድ የሚጀምረው በዜድ ነው፤ ስለዚህ ሲካፈል አንድ ለዜድ ስኩዌር፣ ማለትም አርቢው አሉታዊ ሁለት የሆነ ዜድ ይመጣል፣ ከዚያም አንድ ስድስተኛ ይቀነሳል። ሌላ አሉታዊ አርቢ የለም። የፖሉ ደረጃ ሁለት ነው፤ ልጅቷ ልክ ናት፣ ወንድሟ ያየው ታች ያለውን ኪዩብ ብቻ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ክፍሉን እያሳቀ ሲያስጠነቅቅ የኖረው ግን ከዚሁ ስህተት ነበር። «ታቹን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ዘርዝሩት! አሉታዊ አርቢ ከሌለ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ካሉና ካለቁ ፖል ነው፤ ማለቂያ ከሌላቸው እግዜር ይሁናችሁ!»

ወረቀቶቹን ባረመበት ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ አይታው ጠይቃው ነበር። «ትንሽ ራስ ምታት ነው እቴ፣ አታካብጂው» አላት። አመነችው።

«አልፈሻል» አለቻት ልጅቷን፣ ነጥቡን እያስተካከለች።

ልጅቷ ስትወጣ በሩን ዘጋችና ሕመሙ ከየትኛው ወረቀት እንደጀመረ ልታውቅ የቀሩትን አንድ በአንድ ትገልጥ ጀመር።