ለጎንደር የተመረጡት ሦስት ንድፎች

ሩፊዳ ከዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቀች ወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ አባቷ ሙሐመድጣሂር መለዋወጫ በሚሸጡበት ሱቅ ትውል ነበር። ኩሽኔታ ሲሏት ኩሽኔታ፣ ቺንጋ ሲሏት ቺንጋ ከመደርደሪያው ታወርዳለች። ደንበኛ ሲጠፋ ላፕቶፗን ከፍታ በካድ፣ በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም፣ ትስላለች። ደስ ብሏት አይደለም፤ እጇ ስለለመደው ነው።

ከሱቁ ጀርባ የወንድሟ የበሽር ብየዳ ቤት አለ። ሱዳኖቹ ወርሻ ስለሚሉት የመተማ ሰውም ወርሻ ነበር የሚለው። የሱዳን ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በሽር መሣሪያ ሊገዛ ካርቱም ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። በድንበር ከተማዋ በጋላባት በኩል የሚሻገረውን ስደተኛ አባትየው ሲጠይቁ ከረሙ፤ ያየው የለም። አንድ ቀን መጠየቁን ተዉት። ወርሻውም ተቆለፈ፤ በቤት ውስጥ የበሽርን ስም የሚያነሳ ጠፋ። ሩፊዳ አላለቀሰችም። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደህና ነኝ» ትላለች። ውሸቷን አልነበረም፤ ምንም አይሰማትም።

የሥራ ማስታወቂያውን የላከችላት ሠላማዊት ናት። በትምህርት አንድ ዓመት ትቀድማታለች፤ አሁን ባሕር ዳር በአንድ ድርጅት ትስላለች። ጎንደር ያለ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ጀማሪ ንድፍ ሠሪ ይፈልጋል። ከማመልከቻው ጋር የራስን ሥራ የሚያሳይ አጭር ፖርትፎሊዮ ይያያዝ ይላል።

ሩፊዳ በላፕቶፗ ያለውን ሁሉ ሰብስባ አንድ ፋይል አደረገችና ላከችላት። የአውሮፕላን ሞተር፣ የሮቦት ክንድ፣ የመኪና ጎማ ቸርኬ፣ ወንበር፣ የመመረቂያ ሥራዋ የማርሽ ሳጥን፣ ሌላም ሌላም። በጥቁር መደብ ላይ የሚያብረቀርቅ ምስል ብቻ ነበር።

ሠላማዊት በማግስቱ ደወለች።

«ሩፊ፣ አየሁት። የአውሮፕላኑን ሞተር አንቺ ነሽ የነደፍሽው?»

«ከቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«አውቄአለሁ። እኔም ሠርቼዋለሁ፤ የትምህርት ክፍላችን ልጅ ሁሉ ሠርቶታል። የሚቀጥርሽም ሰው መቶ ጊዜ አይቶታል። አውጪው።»

«ሮቦቱስ?»

«እሱንም። መለማመጃ ጥሩ ነው፤ ግን ያንቺን ሐሳብ አያሳይም። ስሚኝ፣ ሰውየው ፋይልሽን ምናልባት በስልኩ ነው የሚከፍተው፤ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥሽ ነው። የእርሻ መሣሪያ ነው የሚሠሩት። እነሱ ከሚሠሩት ጋር የሚቀራረብ ሦስት ሥራ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ችግሩ ምን ነበር፣ አንቺ ምን ወሰንሽ፣ ከአንቺ ሌላ ማን ምን ሠራ፣ መጨረሻው ምን ሆነ፤ በአጭሩ ጻፊ። ከዚያ ሰው አይቶ ሊሠራበት የሚችል ንድፍ አስቀምጪ። ልክ ያለው፣ የሚነበብ።»

«ሦስት የሚሞላ የለኝም።»

«የሰሊጥ ማጣሪያውስ? ሽንፋ እርሻ ላይ ያለው። ነግረሽኝ ነበር እኮ።»

ሩፊዳ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። ከሱቁ ውጪ ባጃጆች ወደ ኬላው እየተጣደፉ ያልፋሉ።

«እሱን አልፈልግም» አለች።

ሠላማዊት ምክንያቱን ታውቃለች። «እሺ። ያለ እሱ ግን የተሠራ ነገር የለሽም፤ ሁሉም ስክሪን ላይ የቀረ ነው። የኔ ሐሳብ ይኸው ነው» ብላ ዘጋች።

ሩፊዳ መጀመሪያ የቀለላትን አነሳች። አንድ ገበሬ የተሰነጠቀ የውኃ ፓምፕ ክዳን ይዞ መጥቶ መለዋወጫው ሲጠፋ በካሊፐር፣ ቀጭን ልክ በሚወስደው መለኪያ፣ ለክታ የሳለችው ንድፍ ነበር። ከመለካት ተነስቶ ወደ ንድፍ መድረስን ያሳያልና አስገባችው። ቀጥሎ ከመመረቂያ ሥራው የማርሽ ሳጥኑን ወሰደች። ሥራው የአራት ልጆች ነው፤ የእሷ ድርሻ ዘንጉና የኩሽኔታው መቀመጫ ነበር። ስለዚህ ሙሉ ሳጥኑን በግራጫ፣ የራሷን ክፍል በቀለም አሳይታ «የእኔ ድርሻ ባለቀለሙ ነው» ብላ ከሥር ጻፈች።

ሦስተኛው ቦታ ባዶ ቀረ። ወንበሩን አስገባችው፤ አየችው፤ መልሳ አወጣችው።

ከዚያ የማጣሪያውን ፋይል ከፈተች። ሁለት ወንፊት የተነባበሩበት፣ በሞተር የሚንቀጠቀጥ ማሽን ነው። የላይኛው ወንፊት ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ገለባውን ይዞ ሰሊጡን ያሳልፋል፤ የታችኛው ጠባብ ስለሆነ ሰሊጡን ይዞ አፈሩን ይጥላል። እሷ ነደፈችው፤ በሽር ሠራው። መጀመሪያ ሲነሳ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ቺንጋ እየላላ ይንሸራተት ነበር። ሞተሩ የሚታሰርባቸውን የቡሎን ቀዳዳዎች ክብ አድርጋ ስለነደፈች፣ ሞተሩን ሳብ አድርጎ ቺንጋውን ማጥበቅ አልተቻለም። ቀዳዳዎቹ እንዲረዝሙ ሁለቱ ተነጋገሩና በሽር በግራይንደር አስረዘማቸው። ንድፉ ግን ሳይታረም ቀረ፤ በሽር ብዙም ሳይቆይ ሄደ።

ስለዚህ በፋይሉ ያለውና እርሻው ላይ የቆመው አንድ አልነበረም። ቢጠይቋት ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጋ ማቅረቧ ነው።

«አባ፣ ነገ ሽንፋ ልሂድ» አለች ማታ እራት ላይ።

«ምን አለ ሽንፋ?»

«የሰሊጥ ማጣሪያውን ልለካው ነው። ለሥራ ማመልከቻ።»

አባቷ የያዙትን ቁራሽ አስቀመጡ። «ሂጂ። ከመምሸቱ በፊት ተመለሽ» አሉ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ እርሻው ሰሊጥ በሚያራግፍ የቀን ሠራተኛ ተሞልቷል። የእርሻው ኃላፊ የሺዋስ ከጎንደር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ አይቷት ወዲያው ለያት።

«የበሽር እህት አይደለሽ? ማሽኑ አለ። ዘንድሮም እየሠራ ነው። ምነው፣ ችግር አለ?»

«የለም። ልለካውና ፎቶ ላነሳው ነው። ለትንሽ ጊዜ ያጠፉልኛል?»

«ለምሳ እናጠፋዋለን፤ ያኔ ትለኪያለሽ። በሽርስ ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ለምሳ ሲያጠፉት ቺንጋውን ራሱ አውልቆ መቆሙን አረጋገጠላትና ሄደ።

ሩፊዳ ሜትርና ካሊፐሯን አውጥታ ተንበረከከች። የቀዳዳውን ስፋት ለካች፤ ርዝመቱን ለካች፤ ከማሽኑ እግር ጫፍ ያለውን ርቀት ለካች። ከባለማዕዘኑ አንጎላሬ ብረት የተሠራው እግር የብየዳ መስመሩ ትክክል ነበር፤ በየመገጣጠሚያው ጫፍ ላይ በሽር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ዘግቶታል። እጇን አስቀመጠችበት። ብረቱ ከፀሐዩ የተነሳ ይፋጃል። እጇን አነሳችና ቁጥሩን ስልኳ ላይ መዘገበች። ከዚያ ፎቶ አነሳች፤ አንዱን ሙሉ ማሽኑ ከጎን ሰው ቆሞ እንዲታይ፣ ሌላውን ረጃጅሞቹ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርበው። አላለቀሰችም። ወደ መተማ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቤት ገብታ ንድፉን አረመችው። ክቦቹን አጥፍታ ረጃጅም ቀዳዳዎች ሳለች፤ በንድፉ ጥግ ባለው ሠንጠረዥ ላይ «የመጀመሪያ እርማት፦ ቺንጋ ለማጥበቅ የሞተር መቀመጫ ቀዳዳዎች ረዘሙ» ብላ ቀኑን ጻፈች። ጥቁሩን መደብ ነጭ አደረገችው። ትልቁን ንድፍ በስልኳ ከፍታ ስታየው ፊደሉ አልነበብ አላት። ስለዚህ ሙሉውን ለእይታ ትታ የሞተሩን መቀመጫ ብቻ አጉልታ በሌላ ገጽ አወጣች፤ የማያስፈልገውን ልክ ቀነሰች። በፊተኛው ገጽ ላይ ማሽኑን ክፍል በክፍል በትና፣ እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥታ አሳየች። አጠገቡ የሽንፋውን ፎቶ አኖረች። የመጀመሪያው ንድፍ መሳሳቱንም አልደበቀችም፤ ከነምክንያቱ ጻፈችው።

የቀራት ማን ምን ሠራ የሚለው መስመር ነበር። «ንድፍና ልክ፦ ሩፊዳ ሙሐመድጣሂር» አለች። ቀጥላ «ብየዳና መገጣጠም፦» ብላ ቆመች። «የአካባቢው ብየዳ ቤት» ብላ ጻፈች። ለመላክ ተዘጋጅታ ሳለ ተመልሳ አጠፋችው። «በሽር ሙሐመድጣሂር» ብላ ጻፈች። ፋይሉን ለኢሜይል እንዲቀል አሳነሰችው፤ በስሟና በሥራ መደቡ ሰየመችው፤ ላከችው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ከጎንደሩ ድርጅት ለፈተና ጠሯት። የድርጅቱ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ካሰች የተባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሴት ነበሩ። ፖርትፎሊዮውን በወረቀት አሳትመውታል። የፓምፑን ክዳን አልፈው፣ የማርሽ ሳጥኑን አልፈው ማጣሪያው ላይ ቆሙ።

«ቀዳዳዎቹን ለምን በዚህ አቅጣጫ አስረዘምሽ? በሌላው ብታደርጊውስ?»

«ሞተሩ ቺንጋው ከሚዞርበት ፑሌ መራቅ አለበት፤ ቺንጋው በሚሳብበት መስመር። በሌላው አቅጣጫ ቢሆን ሞተሩ ወደ ጎን ሄዶ ቺንጋው ይጣመም ነበር እንጂ አይጠብቅም።»

«የመጀመሪያውን ስህተት ለምን አሳየሽ? ማንም አያውቅብሽም ነበር።»

«እርሻው ላይ ያለው የታረመው ነው። የሳልኩትና የቆመው አንድ እንዲሆን ነው።»

ካሰች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «ብየዳው ንጹሕ ነው። ይኼ በሽር ዘመድሽ ነው? ጥሩ በያጅ አጥተናል። እሱም ያመልክት እንጂ።»

ሩፊዳ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ወንድሜ ነው። ካርቱም ሄዶ ቀረ። ይኑር አይኑር አናውቅም» አለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራው አታውቅም። ካሰች ወረቀቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ውኃ ቀዱላት። ሩፊዳ እየጠጣች አለቀሰች። ኃላፊዋ ጠበቋት፤ ስታበቃ የተሰበረ የማረሻ ማያያዣ አምጥተው ካሊፐር ሰጧትና፣ «እስኪ ይህን ለክተሽ ሳዪልኝ። ጊዜሽን ውሰጂ» አሏት። ሩፊዳ ካሊፐሩን ከፍታ መለካት ጀመረች።

በሳምንቱ ተቀጠረች፤ ለሙከራ ጊዜ። ከጎንደር ለአባቷ ደወለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አባትየው። ከዚያ ሌላ ወሬ ነገሯት።

«የወንድምሽን ወርሻ ዛሬ ከፈትኩት። አቧራ ውጦታል። ላጽዳው ብዬ ነው።»

«ብቻዎን አይሥሩ፤ ጎረቤት ይጥሩ።»

«እሺ። ጎንደር ብርድ ነው አሉ፤ የምትለብሺው አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሩፊዳ። በእርግጥም በርዷት ነበር። ስልኩን ዘግታ ወፍራም ሹራብ ፍለጋ ወደ ገበያው ወረደች።