«ቆንጥጠው ያስተምሩልኝ»

«ጸጉሬን ቁረጪልኝ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ገና መግባቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ውላ እጇ በእንፋሎት ቀልቷል። ቅማል መሰላት።

«ማን አጠገብ ነው የምትቀመጪው?» አለች ወደ መስኮቱ እየሳበቻት። «ቅማል እንደሆን መድኃኒት አለው። እንዲህ ያለ ጸጉር ይቆረጣል እንዴ?»

እናት ሹሩባውን ስትፈታ ከግራ ጆሮዋ በላይ አውራ ጣት የሚያህል ጸጉሩ የተነቀለ ቦታ አገኘች። ቆዳው አብጧል፤ ዳር ዳሩን ደም ደርቆበታል።

«ማን ነው?» ሊወጣት ነበር፤ ዋጠችው። «ምን ሆነ?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ልጅቷ ወለሉን እያየች ነገረቻት። ስታነብ ከተንተባተበች መምህሩ በሹሩባዋ ጎትቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያቆማታል። ከዚያ «ይህች ማን ናት?» ይላል። ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ሰነፍ!» ይላል። ድምፁ ካነሰው ያስደግማቸዋል።

«ጓደኛሽም ትላለች?»

«ካላለች እሷም ትቆማለቻ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ነግረሽኝ ደግ አደረግሽ።»

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«እሱን ቃል አልገባልሽም የኔ ልጅ። ግን የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ።»

ቁስሉን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ልጅቷ ያለችውንም ሳታሳምር፣ ሳትጨምር ጻፈች። ከዚያ ጸጉሯን አሳጠረችላት።

ታክሲ የሚነዳው የእናትየዋ ወንድም ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «ነገ ክፍሉ ድረስ ገብቼ ጥርሱን ባላራግፍለት!»

«ከዚያስ? አንተ ፖሊስ ጣቢያ ታድራለህ፤ እሷ እሱ ክፍል ትውላለች።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ቁስሉን አጥባ ያየችውን ጽፋ ማስረጃ ሰጠቻቸው። ከሰዓት እናት ሥራ ገብታ ነገሩን ስትነግራት አብራት አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዋ ሳቀችባት። «እኛስ ሳንገረፍ ነው እንዴ የተማርነው?»

«ተገርፈን የት ደረስን? ይኸው አንሶላ እንተኩሳለን።»

ወደ ክፍሉ አልሄደችም። ልጆች በሌሉበት ሰዓት ርዕሰ መምህርቷን ቀጠሮ ጠየቀች። መምህሩም ተጠራ። ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነው።

«ልጅቷም ትምጣና ፊት ለፊት ትናገር» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«አትመጣም። ልትጠይቋት ከፈለጋችሁ እሳቸው በሌሉበት፣ እኔ ባለሁበት ይሁን።»

ያየችውን፣ የሰማችውን ተናገረች፤ ማስረጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መምህሩ አልካደም።

«እናት፣ ረስተውት ካልሆነ በወላጆች ስብሰባ ‹ቆንጥጠው ያስተምሩልኝ፤ እንደ ልጅዎ ይቅጡልኝ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። የዚያን ቀን ወላጅ ሁሉ እጁን እየጨበጠ እንደዚያ ሲል እሷም፣ ደህና ዋሉ እንደሚባለው፣ ብላ አልፋ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አየቻት። «ለወጉ ያህል ነው» ልትል ቃጣትና ተወችው።

«ብያለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እርስዎ ፊት ያልኩትን ዛሬ እርስዎው ፊት ሽሬዋለሁ። ደግሞም ፈቃዱ የኔ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ደንብ መምታትን ይከለክላል።»

የምትፈልገውን ነገረቻቸው። በማንም ልጅ ላይ እጅ እንዳይነሳ፤ አግዳሚው ላይ ማቆሙ፣ ማስጮኹም እንዲቀር፤ ለልጇ የማንበብ እገዛ እንዲደረግላት። ይህን ማን እንደሚከታተል በጽሑፍ መልስ ጠየቀች።

«መምህር እንደልብ አይገኝም እኮ» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «እዚሁ እንጨርሰው።»

«ሁለተኛ አልነካትም» አለ መምህሩ።

ቃሉን ጠበቀ። አልነካትም፤ አላያትምም። እጇን ስታወጣ ሌላ ይጠራል። ደብተር ሲሰበስብ የሷን ይዘላል። እናት በየማታው «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥሽ? ምን አነበብሽ?» ትላታለች። «ብቻዬን። ምንም።» ነበር መልሱ።

የጽሑፍ መልሱ አልመጣም። ተመልሳ ሄደች።

«መምታቱን ትቷል፤ ሌላ ምን ይሁንልሽ?» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«ይኸም ቅጣት ነው።»

አቤቱታዋን ይዛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሌላ ምስክር አምጪ ሲሏት የልጇን ጓደኛ እናት፣ ልጅሽ ትመስክርልን ብላ ለመነቻት። ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው ያነጋገረቻት።

«አንቺ ልጅሽን ታወጫታለሽ። የኔዋ እዚያው ናት።»

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣች ባለሙያ፣ እናት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ እየተንተባተበች እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ማንም አላቋረጣትም።

ልጅቷ ወደ ሌላ መምህርት ክፍል ተዛወረች። መምህሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ በማግስቱም እዚያው ክፍል ገብቶ አስተማረ።