ድንጋይ የተሸከመ ኢሜይል

መተማ ዮሐንስ፣ ሰሊጥ ነጋዴው አቶ ፈረደ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ ያላየሁት ጉድ የለም። ባለፈው ሳምንት፣ ጎንደር ዘይት ለሚያስጨምቁት ለወይዘሮ ታይቱ አርባ ኩንታል ሰሊጥ ሊጭን የነበረውን መኪና አቶ ፈረደ ለገዛ እህታቸው ልጅ ሠርግ ሰጡት! ሴትዮዋ ተቆጥተው ጻፉ። እኔም ይህን ኢሜይል አዘጋጀሁ፦

«መኪናውን ለሠርግ ስለሰጠነው ሰሊጥዎ ሳይጫን ቀርቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሐሙስ ኅዳር 18 ከቀኑ ስድስት ሰዓት መጋዘንዎ ይደርሳል። የማጓጓዣውን ወጪ በሙሉ እኛ እንችላለን።»

አቶ ፈረደ አንብበው ጦፉ።

«በባዶ ማጅራት ይቅርታ አለ እንዴ? በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚጠይቅ!»

«ጋሼ፣ ኢሜይል እኮ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። ከግቢው ትልቅ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ጭነው አጎነበሱ።

«ቶሎ ፎቶ አንሺኝ!»

የስልኬ ካሜራ ደግሞ አልከፈት አለ። እሳቸው በላብ ተጠመቁ፤ እኔ በንዴት። በመጨረሻ ፎቶውን አያይዤ ላክሁት።

መልሱ ወዲያው መጣ፦

«ይቅር ብያለሁ። ሐሙስ እጠብቃለሁ። ድንጋዩን ግን ከሰሊጡ ጋር እንዳትመዝኑት።»